ሁለት ነጥብ ኩቢኩን አያውቀውም፤ አማካዩን ግን አይስተውም

«ሁለት ነጥብ የሚወስነው ቀጥታ መስመርን ብቻ ነው። የጋውስ ቀመር ኩቢክ ላይ ልክ መምጣቱ ነጥቦቹ ከመሃል እኩል ርቀው ስለተቀመጡ የተገኘ ዕድል ነው።»

«n ነጥብ እስከ 2n − 1 ዲግሪ የሚደርሰው 2n ያልታወቁ ቁጥሮች ስላሉን ነው። ያልታወቀውና እኩልታው በቁጥር ከተመጣጠኑ ነገሩ አለቀ፤ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልግም።»

«ቦርከና ላይ የውሃ ፍጥነት የሚለኩ ባለሙያዎች 0.2ንና 0.8ን ትተው የጋውስን 0.2113ንና 0.7887ን ቢይዙ ስህተታቸው ይጠፋል።»

ሦስቱንም የወሰድኳቸው ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ መሐንዲሶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከነበረ አንድ ጽሑፍ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ኒውመሪካል ሜተድስ ስለማስተምር ጽሑፉ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው በጨዋ አማርኛ ጽፈዋል፤ ብዙው ቦታም ልክ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በተለይ የመጨረሻውን፣ አንድ ሰው አምኖት የውሃ ፍጥነት መለኪያውን ከረንት ሜትር ይዞ ወንዝ ሊገባ ይችላል።

ጸሐፊው ወንዙን ስላነሱት እኔም ከእሱ አልወጣም። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ላይ ቆመናል እንበል። s የምንለው ከውሃው ፊት ወደ ታች የሚለካ ጥልቀት ነው። ፊቱ ላይ s = 0፣ ወለሉ ላይ s = 1። የውሃው ፍጥነት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ወለሉ አጠገብ ድንጋዩና አሸዋው ይጎትተዋል። እኛ የምንፈልገው አማካይ ፍጥነቱን ነው። በሒሳብ ቋንቋ፣ የፍጥነቱን ኢንተግራል ከ0 እስከ 1። የተለመደው አሠራር 0.2 እና 0.8 ላይ ለክቶ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ኢንተግራልን ከጥቂት ነጥቦች ላይ የሚያሰላው የጋውስ ቀመርም ለሁለት ነጥብ ልክ እንደዚሁ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። የሚለካበት ቦታ ብቻ 0.2113 እና 0.7887 ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ እንዲህ ያለ ኩቢክ ነው ብለን እንነሳ፦

v(s) = 1 + 0.6s − 0.3s² − 0.9s³

ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ቅርጹ ግን ወንዝ ይመስላል። ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይፈጥናል፤ ወለሉ ላይ ወደ 0.4 ይወርዳል። ትክክለኛው አማካይ 1 + 0.3 − 0.1 − 0.225 ነው፤ ማለትም 0.975።

ጋውስ ምን ይላል? 0.2113 ላይ ፍጥነቱ 1.1049 ነው። 0.7887 ላይ 0.8451 ነው። ደምረን ለሁለት ስናካፍል 0.975። 0.2 እና 0.8 ላይስ? 1.1008 እና 0.8272፤ አማካያቸው 0.964። እነዚህም ከመሃል እኩል ርቀት ላይ ናቸው፤ ሲሜትሪያቸው ምንም አይጎድለውም። ግን ሳቱ። ፊቱንና ወለሉን ብንወስድማ፣ እነሱም ከመሃል እኩል ርቀው፣ 0.7 ይሰጡናል።

ሲሜትሪ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። ከመሃሉ ሲታይ የኩቢኩን ጎዶሎ ክፍል ያጠፋልናል፤ ይህን በነፃ እንቀበላለን። ካሬውን ግን አያስተካክልም። s²ን ብቻ ብንወስድ አማካዩ 1/3 ነው። 0.2 እና 0.8 ግን 0.34 ይላሉ። ካሬውን የሚያስተካክለው የነጥቦቹ ትክክለኛ ቦታ ነው። እንዲያውም ሲሜትሪ ጭራሽ በሌለበትም ቀመሩ ይሠራል። ከ0 እስከ ኢንፊኒቲ በ e^(−x) እየተመዘነ የሚሰላው የጋውስ–ላጌር ቀመር ሁለት ነጥቦቹ 2 − √2 እና 2 + √2 ናቸው። ክብደታቸውም፣ ማለትም የየነጥቡ ዋጋ የሚባዛበት ቁጥር፣ እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው (2 + √2)/4፣ ሁለተኛው (2 − √2)/4። x³ን አስገቡበትና ልክ 6 ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው ኢንተግራልም 6 ነው። እዚያ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ሁለት ነጥብ ኩቢክን እንዴት ያውቃል? አያውቀውም! እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በሁለት ነጥብ የሚያልፉ ኩቢኮች ስፍር ቁጥር የላቸውም። የሳቱት ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ ነው፤ እነዚያ ሁሉ ኩቢኮች አማካያቸው ይለያያል ወይ? አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ለመመዘን ፍሬውን መቁጠር አያስፈልግም። እኛም የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው፣ ቅርጹን አይደለም።

በሁለቱ የጋውስ ነጥቦች ላይ ዜሮ የሚሆነውን የሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል እንውሰድ፦

p(s) = s² − s + 1/6

እዚያው ሁለት ነጥቦች ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸው ሁለት ኩቢኮች ካሉ፣ ልዩነታቸው ሁለቱም ነጥቦች ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በ p(s) ይካፈላል፤ (as + b) · p(s) የሚል መልክ አለው ማለት ነው። አሁን ሁለት ኢንተግራሎችን በእጃችሁ ሞክሩ። የ p(s) ኢንተግራል ከ0 እስከ 1፦ 1/3 − 1/2 + 1/6፣ ዜሮ። የ s · p(s)፦ 1/4 − 1/3 + 1/12፣ እሱም ዜሮ። እንግዲህ a እና b ምንም ይሁኑ ምን የልዩነቱ ኢንተግራል ዜሮ ነው። ኩቢኮቹ በቅርጽ የፈለጉትን ያህል ይለያዩ፤ አማካያቸው አንድ ነው። ምስጢሩ በሙሉ ይኸው ነው።

በእኛው ወንዝ ላይ እንየው። v(s)ን በ p(s) ስናካፍለው ድርሻው −0.9s − 1.2 ይሆናል፤ ቀሪው −0.45s + 1.2። ድርሻ ሲባዛ p ያለው ክፍል ኢንተግራሉ ዜሮ ነው፤ አሁን አየን። ነጥቦቹ ላይም ዜሮ ነው፤ p እዚያ ዜሮ ስለሆነ። ስለዚህ ትክክለኛው አማካይም የእኛ ልኬትም ይህን ክፍል ሁለቱም አያዩትም። የሚቀረው ቀጥታ መስመሩ ነው፤ ሁለት ነጥብ መስመርን በደንብ ያውቃል። የመስመሩ አማካይ 1.2 − 0.225፣ ማለትም 0.975። የመጀመሪያው ቁጥራችን ራሱ መጣ።

ለ n ነጥብም መንገዱ ያው ነው። 2n − 1 ዲግሪ ያለውን ፖሊኖሚያል n ዲግሪ ባለው p ስናካፍል ድርሻው ከ n − 1 ዲግሪ አይበልጥም፤ ቀሪውም እንደዚያው። p ከ n ዲግሪ በታች ካለ ፖሊኖሚያል ሁሉ ጋር ተባዝቶ ኢንተግራሉ ዜሮ ከሆነ (ኦርቶጎናል የምንለው ይህን ነው) ድርሻው ያለበት ክፍል ይጠፋል። ቀሪውን ደግሞ n ነጥቦቹ በተገቢው ክብደት ልክ ያሰሉታል። ይህን ባሕርይ የያዙት ፖሊኖሚያሎች የሌዣንድር ይባላሉ። ጋውስ ራሱ በ1814 ቀመሩን ሲያወጣ በዚህ መንገድ አልሄደም፤ በተከታታይ ክፍልፋዮች ነበር የደረሰበት። ኦርቶጎናልነቱን ያጎላውና ነገሩን በአጭሩ ያስቀመጠው ያኮቢ ነው፣ በ1826።

ኮምፒውተር አጠገባችሁ ካለ በፓይተን እንዲህ ፈትሹት፦

```python
import numpy as np
x, w = np.polynomial.legendre.leggauss(2)
s = (x + 1) / 2
v = 1 + 0.6*s - 0.3*s**2 - 0.9*s**3
print((w * v).sum() / 2)
```

0.975 ያወጣል። ኮዱ ቀመሩን የሚያውቀው ከ−1 እስከ 1 ስለሆነ ነው ሦስተኛው መስመር ላይ ወደ እኛ ጥልቀት የቀየርኩት። ተማሪዎቼ በብዛት የሚረሱት ግን መጨረሻ ላይ ለሁለት ማካፈሉን ነው፤ ያኔ መልሱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

አራተኛ ዲግሪ ላይ ግን ያበቃል። p(s) ራሱን በራሱ አባዙት። ነጥቦቹ ላይ ዜሮ ስለሆነ ቀመሩ «አማካዩ ዜሮ ነው» ይላል። ካሬ ግን ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ትክክለኛው ኢንተግራል 1/180 ነው። ይህን ለማምለጥ ነጥቦቹን ሌላ ቦታ መውሰድም አያዋጣም። n ነጥቦችን የትም አስቀምጡ፤ እነሱ ላይ ዜሮ የሚሆነውን ፖሊኖሚያል ካሬ ብታደርጉ 2n ዲግሪ ያለው፣ ቀመሩ ዜሮ የሚለው፣ ኢንተግራሉ ግን ከዜሮ የሚበልጥ ፖሊኖሚያል በእጃችሁ ይገባል። ከ2n − 1 ማለፍ ለማንም አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ይህ ጸሐፊው ብቻቸውን ያሉት አይደለም፤ ክፍል ውስጥም በየዓመቱ እሰማዋለሁ፣ ፈተና ላይም ይጻፋል። n ቦታ፣ n ክብደት፣ በድምሩ 2n፤ ከ0 እስከ 2n − 1 ያሉት ዲግሪዎችም 2n ናቸው። ለማስታወስ ደህና ዘዴ ነው። ማረጋገጫ ግን አይሆንም። እነዚያ እኩልታዎች ውስጥ ቦታዎቹ እስከ 2n − 1 ድረስ ከፍ እያሉ፣ በክብደቶቹም እየተባዙ ነው የሚገቡት። ቀጥተኛ እኩልታዎች አይደሉም። እንዲህ ያለ እኩልታ ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ መፍትሔ አይኖረውም። x² = −1 አንድ ያልታወቀ፣ አንድ እኩልታ ነው እኮ።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ቼቢሼቭ ትቶልናል። ክብደቶቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ፣ ቦታዎቹን ብቻ እንፈልግ አለ። ለመደመር ቀላል ነው፤ ልኬቶቹን ደምሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ብቻ። የጸሐፊውን ቆጠራ እዚህ ላይ እንጠቀምበት። n ቦታ እና አንድ የጋራ ክብደት፣ በድምሩ n + 1 ያልታወቀ። ስለዚህ ከ0 እስከ n ያሉትን n + 1 ዲግሪዎች ልክ ማግኘት አለብን። እስከ n = 7 ድረስ በእርግጥ ይሠራል። n = 8 ላይ ግን ከነጥቦቹ የተወሰኑት ኮምፕሌክስ ቁጥር ሆነው ቁጭ ይላሉ። ቆጠራው ተመጣጥኗል፤ ዘጠኝ ያልታወቀ፣ ዘጠኝ እኩልታ። ነጥቦቹ ግን የቁጥር መስመሩ ላይ የሉም። በኮምፕሌክስ ጥልቀት ላይ ከረንት ሜትር የሚያወርድ ሰው ካለ ይምጣ! n = 9 ላይ አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ከ10 ጀምሮ ግን አንድም እንደማይገኝ በርንሽታይን በ1937 አረጋግጧል።

የጋውስ ቀመር ከዚህ ዕጣ የሚያመልጠው ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ስለሚሠራ ነው። መጀመሪያ pን ይፈልጋል። የ p መሪ ቁጥር 1 ከሆነ n ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት፤ የኦርቶጎናልነቱም ቅድመ ሁኔታዎች n ናቸው። እነዚህ ግን ቀጥተኛ እኩልታዎች ናቸው። መፍትሔ የማጣት አደጋ የሚመጣው ከ n ዲግሪ በታች ያለ አንድ ፖሊኖሚያል ከወገኖቹ ሁሉ ጋር ኦርቶጎናል ከሆነ ነው። ያ ማለት ከራሱም ጋር፤ የካሬው ኢንተግራል ዜሮ ነው ማለት ነው፤ እንዲያ የሚሆነው ደግሞ ዜሮ ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ p አለ፣ አንድ ብቻም ነው።

ቀጥሎ፣ p ዜሮ የሚሆንባቸው n ቦታዎች በእርግጥ በ0 እና በ1 መካከል ናቸው ወይ? ቼቢሼቭን የጣለው ይኸው ጥያቄ ነው። p በመካከል ምልክቱን የሚቀይረው ከ n ባነሱ ቦታዎች ነው ብለን እናስብ። በእነዚያ ቦታዎች ብቻ ምልክት የሚቀይር ሌላ ፖሊኖሚያል እንሥራና እናባዛቸው። ውጤቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምልክት አይቀይርም፤ ስለዚህ ኢንተግራሉ ዜሮ ሊሆን አይችልም። የሠራነው ፖሊኖሚያል ግን ዲግሪው ከ n በታች ነው፤ p ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር ዜሮ እንዲሰጥ ነው የተመረጠው። ሁለቱ አይታረቁም። እንግዲህ p ምልክቱን n ጊዜ ይቀይራል፣ ሁሉንም ውስጥ። ክብደቶቹን ማግኘት ከዚያ በኋላ ተራ ሥራ ነው፤ ሁሉም ከዜሮ በላይ ሆነው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ቆጠራው ውስጥ አይታይም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ በላይም በታችም ወንዝ የሚለኩ ሰዎች አሉና።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የሚሠራው ፍጥነቱ ፖሊኖሚያል ከሆነ ነው። የወንዝ ፍጥነት ፖሊኖሚያል ለመሆን ቃል አልገባልንም። ሻካራ ወለል ላይ በነፃ የሚፈስ ውሃ በደህና ግምት የሎጋሪዝም ቅርጽ ይከተላል፤ ፍጥነቱ ከወለሉ በሚለካው ከፍታ ሎጋሪዝም ያድጋል። ሎጋሪዝም ደግሞ ወለሉ አጠገብ ገደል ነው። ዲግሪው ምንም ያህል ከፍ ቢል እዚያ የሚመስለው ፖሊኖሚያል የለም። «እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ልክ ነው» የሚለው ዋስትና እዚህ አይሠራም።

በቁጥር እንየው። z ከወለሉ ወደ ላይ የሚለካ ከፍታ ይሁን፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር። ፍጥነቱ 0.15 · (6 + ln z) ነው እንበል፤ ጠጠር ወለል ላለው ወንዝ የማይርቅ ቁጥር ነው። የ ln z አማካይ ከ0 እስከ 1 ልክ −1 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አማካይ ፍጥነት 0.75 ሜትር በሰከንድ። ወለሉን ነክቶ ያለችውን የሚሊሜትሮች ንጣፍ ትቻታለሁ፤ እዚህ ለውጥ አታመጣም።

የጋውስ ሁለት ነጥቦች 0.7656 ይሰጣሉ። 0.2 እና 0.8 ደግሞ 0.7626። ሁለቱም ትንሽ አብዝተዋል፤ የተሻለው ግን ወንዝ ላይ የለመድነው ነው! ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስህተቱ ያለው ወለሉ አጠገብ ነው፤ ታችኛው ነጥብ ወደ ወለሉ በቀረበ ቁጥር ዝግታውን የበለጠ ያያል። 0.8 ከ0.7887 አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ እዚህ ላይ ያ አንድ ሴንቲሜትር ይጠቅማል። ኩቢኩ ላይ ያሸነፈው ጋውስ ሎጋሪዝሙ ላይ ተሸነፈ።

ነጥብ መጨመርስ? ሦስት የጋውስ ነጥብ 0.7578 ይሰጣል። ይሻሻላል፤ ግን ዝግ እያለ። ፈንክሽኑ ለስላሳ ቢሆን ኖሮ አንድ ነጥብ መጨመር ስህተቱን በብዙ እጥፍ ያወርደው ነበር። እዚህ ግን ከ0.0156 ወደ 0.0078፣ ግማሽ ብቻ። ጋውስን በማይታወቅ ፈንክሽን ላይ ስትጠቀሙ የምትይዙት ምልክት ይህ ነው። n ሲጨምር መልሱ ቶሎ ካልረጋ፣ አንድ ቦታ ላይ ፖሊኖሚያል የማይመስል ነገር አለ።

ደግሞም ልዩነቱ ሊለካ የሚችል አይደለም። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ 0.2 እና 0.2113 የሚለያዩት በ1.1 ሴንቲሜትር ነው። የከረንት ሜትሩ ፕሮፔለር ራሱ ከዚያ ይሰፋል፤ ክረምት ላይ የውሃው ፊት ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲሜትር ገደማ ካነሰ ደግሞ የተለመደው 0.6 ላይ አንዴ ብቻ መለካት ነው። ይህም ከጋውስ ጋር አይገጥምም፤ የጋውስ አንድ ነጥብ መሃሉ ነው፣ 0.5። በሎጋሪዝሙ ቅርጽ ፍጥነቱ ከአማካዩ ጋር እኩል የሚሆነው 0.632 ላይ ነው፤ 0.6 ለእሱ ይቀርባል።

ጸሐፊው ስህተት መቀነስ ከፈለጉ ከአሥርዮሽ ቁጥሩ ይልቅ የሚያዋጣ ነገር አለ። 0.6 ያለው ከወለሉ 0.4 ላይ ነው፤ 0.2 እና 0.8 ደግሞ ከወለሉ 0.8 እና 0.2 ላይ ናቸው። 0.8 በ0.2 ሲባዛ 0.16 ነው፤ የ0.4 ካሬ። ስለዚህ ፍጥነቱ በእርግጥ ሎጋሪዝም ከሆነ 0.6 ላይ የሚነበበው ከሁለቱ አማካይ ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን ሁለቱም 0.7626 ናቸው። ሦስቱንም ለክታችሁ 0.6 ላይ ያለው ከሁለቱ አማካይ በጉልህ ከራቀ፣ ቅርጹ ተበላሽቷል፤ ከወንዙ ላይኛው በኩል ቋጥኝ አለ፣ ወይም ሣር ይዞታል፣ ወይም ከመታጠፊያ ቅርብ ናችሁ። 0.6 ላይ ሳትለኩም ሊታወቅ ይችላል፤ 0.8 ላይ ያለው ከ0.2 ላይ ካለው ከፈጠነ፣ ወይም 0.2 ላይ ያለው ከ0.8 ላይ ካለው እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሁለት ነጥብ አይበቃም። ያኔ 0.6ን ጨምሩና የ0.2ንና የ0.8ን አማካይ ከእሱ ጋር ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፤ ወይም ወንዙን ተከትላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ታች ወርዳችሁ የተሻለ ቦታ ፈልጉ።